አንድ ንዴት፣ አምስት መልስ፦ የአእምሮ መከላከያዎች በፈተና ወረቀት ላይ

አንድ የሒሳብ ሠራተኛን አለቃው በስብሰባ መሐል በሰው ፊት ያዋርደዋል። ሠራተኛው ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። ማታ ቤቱ ሲገባ የስምንት ዓመት ልጁ ጫማዋን በር ላይ ጥላ ያገኛታል፤ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኽባታል። የተጠቀመው መከላከያ የትኛው ነው?

ሀ. ፕሮጀክሽን
ለ. ዲስፕሌስመንት
ሐ. ሪአክሽን ፎርሜሽን
መ. ሰብሊሜሽን

ሳይኮሎጂ፣ ነርሲንግ ወይም ሕክምና የተማረ ሰው ይህን ጥያቄ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ ሳያየው አይቀርም። መልሱ «ለ» ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ዓይነት ነገር ነው። ንዴቱ ያው ንዴት ነው፤ የተለወጠው የሚያርፍበት ሰው ብቻ ነው። አለቃው ከሥራ ሊያባርረው ይችላል፣ ልጁ ግን ምንም አታደርገውም። ስለዚህ ንዴቱ ከሚያስፈራው ሰው ተነሥቶ ወደማያስፈራው ዞረ።

ብዙ ተማሪ ይህን መልሶ ያልፋል፤ ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ግን ይወድቃል። ምክንያቱ ደግሞ ቃላቱን ሸምድዶ የሰውየውን ጉዞ አለመከተሉ ነው። ጉዞውን ለማየት የታሪኩን መጀመሪያ እንዳለ ትተን ፍጻሜውን ብቻ እንለዋውጥ። ስብሰባው ያው፣ ውርደቱም ያው ነው።

ሰውየው ልጁ ላይ አልጮኸም እንበል። ይልቁንም ለሚስቱ፣ «እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም። ባልደረቦቼ ግን ይጠሉኛል፤ አንድ ቀን ሊያጠቁኝ እንደሚፈልጉ ከዓይናቸው አያለሁ» አላት። ባልደረቦቹ ምንም አላደረጉትም። ጥላቻው ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን በሌሎች ውስጥ ሆኖ ይታየዋል። ይህ ፕሮጀክሽን ነው። በዲስፕሌስመንት ጊዜ ሰውየው የተናደደው እሱ ራሱ እንደሆነ ያውቃል፤ የሳተው በማን እንደተናደደ ነው። በፕሮጀክሽን ጊዜ ግን የስሜቱ ባለቤት ራሱ ተለውጧል። ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ «ስሜቱ የማን ነው ተባለ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ፍጻሜ ይህ ነው። ሰውየው በማግስቱ ለአለቃው ስጦታ ይዞ ገባ። ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት «እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም» ይላል፤ ማንም ስለ ስብሰባው ሲያነሣበት ይቆጣል። ይህ ሪአክሽን ፎርሜሽን ነው፤ ስሜቱ ወደ ተቃራኒው ተገለበጠ። ምልክቱ ልክ ማጣቱ ነው፤ ሙገሳው ካለመጠን ይበዛል፣ ለአፍታም አይላላም። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰውየው በሆዱ «ይህን ሰውዬ ካላባበልኩት እንጀራዬ ሊቋረጥ ነው» ብሎ አስቦ ስጦታውን የሰጠ ከሆነ መከላከያ የሚባል ነገር የለም። እሱ ሥራውን ለማዳን ያወጣው ዕቅድ ነው። ሪአክሽን ፎርሜሽን የሚሆነው ሰውየው መጥላቱን ራሱ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

በአራተኛው ፍጻሜ ሰውየው ከሥራ በኋላ ወደ ቦክስ ማዘውተሪያ መሄድ ጀመረ፤ በወራት ውስጥ ለውድድር በቃ። ጉልበቱ ማኅበረሰቡ ወደሚያከብረው ነገር ስለፈሰሰ ሰብሊሜሽን ይባላል። በአምስተኛው ደግሞ፣ «ዛሬ ከተናገርኩ አበላሸዋለሁ፤ ሰኞ ቢሮው ገብቼ በእርጋታ አነጋግረዋለሁ» ብሎ ነገሩን በሆዱ ይዞ እራቱን በላ፣ ልጁንም አስጠና። ይህ ሰፕሬሽን ነው። ንዴቱን ያውቀዋል፤ ሆን ብሎ ቀጠሮ ሰጠው።

ከአንድ ስብሰባ አምስት መልስ ወጣ። ጥሩ የፈተና ጥያቄ የሚፈትነውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለተማሪ የምመክረው የአሠራር ቅደም ተከተል አጭር ነው። አማራጮቹን በወረቀት ሸፍኖ ታሪኩን ብቻ ማንበብ፤ ከዚያም ሦስት ነገር መጠየቅ። ሰውየው ሊሸከመው ያልቻለው ስሜት ወይም ሐቅ ምንድን ነው? ያንን ነገር ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? በመጨረሻ ነገሩ የት ደረሰ? መልሱን በራስ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጻፉ በኋላ ነው አማራጮቹን መግለጥ። አማራጮቹን አስቀድሞ ያየ ሰው ታሪኩን ለሚያውቀው ቃል እንዲመች አድርጎ ያነበዋል።

ሐሳቡ የመጣው ከቪየና ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንዳንድ ሕመምተኞች ሊቋቋሙት ከማይችሉት ሐሳብ ራሳቸውን እንደሚከላከሉና ሕመማቸውም ከዚያ እንደሚመነጭ ተናገረ። በ1923 አእምሮን ኢድ፣ ኢጎ እና ሱፐርኢጎ ብሎ በሦስት ከፈለው። ኢድ የፍላጎትና የግፊት ማደሪያ ነው፤ ሱፐርኢጎ የሚከለክለውና የሚወቅሰው ክፍል ነው፤ ኢጎ ደግሞ በሁለቱና በውጭው ዓለም መካከል ተወጥሮ የሚያስታርቀው ነው። በ1926 ደግሞ ጭንቀትን እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል አየው። የተከለከለው ግፊት ብቅ ሊል ሲል ኢጎ ጥቂት ጭንቀት ይሰማውና መከላከያውን ያነሣል። ዝርዝሩን በሥርዓት ያስቀመጠችው ግን ልጁ አና ፍሮይድ ናት፤ በ1936 ስለ ኢጎና ስለ መከላከያዎቹ ባሳተመችው መጽሐፍ። ዛሬ ተማሪዎች የሚያጠኗቸው አብዛኞቹ ስሞች በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አሉ።

አሁን ሦስት ስሞች ወደሚጋጩበት ጥያቄ እንለፍ።

የ52 ዓመት ነጋዴ ሁለት ሆስፒታል ተመርምሮ ኩላሊቶቹ እየደከሙ መሆናቸው ተነገረው። እሱ ግን «የሌላ ሰው ደም ነው ያዩት፣ እኔ ምንም የለብኝም» ይላል። የታዘዘለትን መድኃኒት አልገዛም፤ በሚቀጥለው ወር ለረጅም የንግድ ጉዞ ይዘጋጃል። ይህ ምንድን ነው?

ሀ. ሪፕሬሽን
ለ. ሰፕሬሽን
ሐ. ዲናያል
መ. ራሽናላይዜሽን

መልሱ «ሐ» ነው። ዲናያል የሚክደው ውጭ ያለን ሐቅ ነው፦ የምርመራ ውጤትን፣ ሞትን፣ ፍቺን። ሪፕሬሽን ግን ውስጥ ያለን ነገር ያፍናል፦ ትዝታን፣ ምኞትን፣ ንዴትን። ነጋዴው ወረቀቱን አይቶታል፣ ሐኪሙንም ሰምቷል። የተነገረውን አልረሳም፤ እውነት መሆኑን ነው ያልተቀበለው። ሪፕሬሽን ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ለምሳሌ በልጅነቷ በእሳት አደጋ ውስጥ ያለፈች ሴት የዚያን ቀን ነገር ምንም አታስታውስም፤ ነገር ግን ጭስ በሸተታት ቁጥር ልቧ ይመታል፣ ለምን እንደሆነም አታውቅም። ሰፕሬሽን እንዳይሆን ደግሞ ነጋዴው «ከጉዞዬ ስመለስ አስብበታለሁ» አላለም። ብዙ ተማሪ «የሌላ ሰው ደም ነው ያዩት» የሚለውን ሲያነብ ሰበብ መስሎት «መ»ን ይመርጣል። ራሽናላይዜሽን ግን ሐቁን ተቀብሎ ለሠሩት ወይም ለደረሰ ነገር የሚያስከብር ምክንያት መደርደር ነው። ነጋዴው «መድኃኒቱን ያልገዛሁት ባህላዊው ስለሚሻለኝ ነው» ቢል ኖሮ በሽታውን ተቀብሏልና ወደዚያ እንቀርብ ነበር።

እነዚህ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፉት ከውጭ አገር መጽሐፍ ተነሥቶ ነው፤ እኛ አገር ሲደርሱ አንዳንዶቹ ይንሻፈፋሉ። እናቷ አዲስ አበባ ያረፉባት፣ ዱባይ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅን እናስብ። ቤተሰቡ ያውቃል። እሷ ስትደውል ግን «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ደከም ብሏቸው ተኝተዋል» ይሏታል። በመጨረሻ እዚያው ያሉ ጓደኞቿ ተሰብስበው በማለዳ መርዶውን ይነግሯታል። አንድ ጥያቄ አውጪ ይህን ጽፎ «ቤተሰቡ የተጠቀመው መከላከያ የትኛው ነው?» ቢልና ዲናያልን መልስ ቢያደርገው ጥያቄው ስሕተት ነው። ቤተሰቡ ሞቱን አልካደም፤ ቀብሮ መጥቷል፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እያለቀሰ ነው። የደበቀው ከልጅቷ ነው፤ የደበቀውም አውቆ፣ በልማድ፣ ብቻዋን እንዳትሰማው ብሎ ነው። የሦስቱ መጠይቆች ሁለተኛው ራሱ ይጥለዋል፤ ሁሉም ያውቃሉና።

ልጅቷ መርዶውን ስትሰማ «አልሞተችም! ውሸታችሁን ነው!» ብላ ብትጮኽስ? በዚያች ሰዓት ይህ የማንኛውም ሐዘንተኛ ጩኸት ነው፤ በሽታ አድርጎ የሚጽፈው ባለሙያ ይሳሳታል። ነገር ግን አርባው ከወጣ በኋላም በየወሩ የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት እየገዛች ብትልክ፣ «ይህን ሲጨርሱ ይሻላቸዋል» ብትል፣ ያኔ ዲናያል የሚለው ስም ይገባዋል። ጊዜውና ድርጊቱ በታሪኩ ውስጥ ካልተጻፉ ተፈታኙ መለየት አይችልም።

ከሁሉም የሚከብደው፣ ለእኔም ከሁሉም የሚያስደስተኝ ጥያቄ የሚነሣው ፍሮይድ በ1909 ካሳተመው የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ነው። ሕመምተኛው ሕግ የተማረ ወጣት ነበር፤ ሕክምናውን በ1907 ጥቅምት ወር በቪየና ጀመረ። ታሪኩ በሙያው መጻሕፍት «የአይጡ ሰው» ተብሎ ይታወቃል፤ ስለ አይጥ የሰማው አሰቃቂ የቅጣት ወሬ ከጭንቅላቱ አልወጣ ብሎ ስላሠቃየው ነው። ለጥያቄያችን የሚሆነን ግን የአይጡ ነገር ሳይሆን አንድ ትንሽ የመንገድ ላይ ድርጊት ነው። እንደ ፈተና ጥያቄ ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል።

አንድ ወጣት የሚወዳት ሴት ከመዝናኛ ሥፍራ በምትሄድበት ዕለት በመንገድ ላይ ሲራመድ እግሩ ድንጋይ ይመታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የእሷ ሠረገላ በዚያው መንገድ እንደሚያልፍና ድንጋዩ አደጋ ሊያደርስባት እንደሚችል ያስባል፤ አንሥቶም ወደ ዳር ያደርገዋል። ከደቂቃዎች በኋላ ይህ ሞኝነት እንደሆነ ይታየዋል። ተመልሶ ድንጋዩን አንሥቶ እመንገዱ መሐል፣ እነበረበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ድርጊቱን ይበልጥ የሚገልጸው የትኛው ነው?

ሀ. ሪአክሽን ፎርሜሽን
ለ. ራሽናላይዜሽን
ሐ. አንዱዪንግ
መ. ዲስፕሌስመንት

ፈተናው የሚጠብቀው መልስ «ሐ» ነው። አንዱዪንግ ማለት አንድን ድርጊት ወይም ሐሳብ በሌላ ድርጊት እንዳልሆነ ለማድረግ መሞከር ነው። ወጣቱ ድንጋዩን አነሣ፤ ከዚያ ማንሣቱን ራሱን ሻረው። ፍሮይድ እንዲህ ያለው ድርጊት በሁለት ምዕራፍ የሚፈጸም መሆኑን፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንደሚያፈርሰው ጽፏል። የሁለቱም ምዕራፎች መነሻ አንዱ ከሌላው የማያንስ ስሜት ነው፤ ፍቅርና ጥላቻ። ድንጋዩን ያነሣው ፍቅሩ ነው። የመለሰው ደግሞ ለእሷ ያለው ንዴት ነው፤ ሠረገላዋ የሚያልፍበት መንገድ መሐል ድንጋይ አስቀመጠ።

የዚህ ጥያቄ ችግር ያለው «ለ» ላይ ነው። ወጣቱ ለምን መለስከው ቢባል «ሞኝነት መሆኑ ስለገባኝ ነው» ይላል። ላይ ላዩን ሲታይ ጤነኛ አስተሳሰብ የበሽታውን ድርጊት ያረመው ይመስላል። ፍሮይድ ግን ይህን አልተቀበለም። ሞኝነት መሆኑ ብቻ ቢገባው ኖሮ ትከሻውን ነቅንቆ መንገዱን ይቀጥል ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ተመልሶ፣ ድንጋዩን ፈልጎ፣ በትክክል እነበረበት ቦታ ማስቀመጥ ምን አስገደደው? ማስገደዱ ራሱ ሁለተኛው ድርጊትም የበሽታው አካል መሆኑን ያሳያል። «ሞኝነት ነው» የሚለው ምክንያት ኋላ የተለጠፈ ነው። ስለዚህ ራሽናላይዜሽን በታሪኩ ውስጥ በእርግጥ አለ። ይህን ቃል በ1908 ወደ ሙያው ያስገባው ኧርነስት ጆንስ ሲሆን ፍሮይድም በዚሁ ታሪክ ላይ ይጠቅሰዋል። ጥያቄው ግን «ድርጊቱን ይበልጥ የሚገልጸው» ይላል። ድርጊቱ አንዱዪንግ ነው፤ ለድርጊቱ የተሰጠው ማብራሪያ ራሽናላይዜሽን ነው። ጥያቄው «ወጣቱ የሰጠው ምክንያት የትኛው ነው?» ቢል መልሱ ይገለበጥ ነበር። ተፈታኝ ከታሪኩ እኩል የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር ማንበብ ያለበት ለዚህ ነው።

«ሀ»ስ ለምን አልሆነም? ሪአክሽን ፎርሜሽን ቢሆን ወጣቱ ለሴቲቱ ያለውን ንዴት ፈጽሞ ሸፍኖት ካለልክ ሲጠነቀቅላት ብቻ እናየው ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ድንጋይ ሲለቅምላት። ድንጋዩን በማንሣቱ ላይ ብቻ ታሪኩ ቢቆም ኖሮ «ሀ»ን መምረጥ ያስኬዳል። መልሱን የወሰነው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።

ቀጣዮቹን ሦስት ቃላት በአጭሩ እንያቸው፤ አንዴ ከተለዩ አያስቸግሩም። ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት ሐኪም ውጤቷን በሰማች ማታ የሕክምና ጽሑፎችን አውጥታ ስለ ሴሎቹ ዓይነት፣ ስለ መድኃኒቶቹ አሠራር፣ ስለ መዳን ዕድሉ ለባሏ ትምህርት ስትሰጥ አመሸች። «ፈራሽ ወይ?» ሲላት ስለ ሌላ ጥናት ነገረችው። መልሱ ኢንተለክቹዋላይዜሽን ነው፤ ስሜቱን በእውቀት ክምር ሸፈነችው። ሌላዋ ሴት ደግሞ አባቷ በዓይኗ ፊት በመኪና እንዴት እንደተገጩ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ቀለም፣ የወደቁበትን ቦታ ሳትስት ስትናገር ድምፅዋ የአየር ንብረት ዘገባ እንደምታነብ ነበር። ይህ አይሶሌሽን ኦፍ አፌክት ነው። ትዝታው ሙሉ ነው፤ ስሜቱ ተነጥሎ ቀርቷል። እዚህ ላይ የእውቀት ክምር የለም። ራሽናላይዜሽን ግን ሁልጊዜ ሰበብ ነው፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ ወድቆ «ድሮም ያ መሥሪያ ቤት ሰው አያሳድግም» እንደሚለው ወጣት።

ከመከላከያዎች ውጭ ካሉት የሳይኮዳይናሚክ ጽንሰ ሐሳቦች ፈተና ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ትራንስፈረንስ ነው። በልጅነቱ አባቱ ሲናገር የማያዳምጠው የነበረ ሰው ለምክር ወደ ባለሙያ ይሄዳል። በአራተኛው ቀጠሮ ባለሙያው ሰዓት ሲያይ ሰውየው ተነሥቶ፣ «አንተም ሰልችቼሃለሁ፤ ድሮም ማንም ሰምቶኝ አያውቅም» ይላል። ስሜቱ ወደ ባለሙያው የመጣው ከድሮ ሰው ነውና ትራንስፈረንስ ነው። ባለሙያው በበኩሉ ይህን ደንበኛ ባየ ቁጥር የሚያስቸግረው ታናሽ ወንድሙ ትዝ እያለው ቀጠሮውን ማሳጠር ቢጀምር ካውንተርትራንስፈረንስ ይሆናል። ስሜቱ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ማየት ብቻ ነው። ተማሪዎች እዚህ ላይ «ንዴቱ ቦታ ለውጧል፤ ታዲያ ለምን ዲስፕሌስመንት አይባልም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። ትራንስፈረንስ በውስጡ መዛወር አለው። የሚለየው የሚዛወረው የዛሬ ንዴት ሳይሆን የቆየ ግንኙነት መሆኑ፣ የሚገለጠውም በሕክምናው ግንኙነት ውስጥ መሆኑ ነው። የፈተና ታሪክ ውስጥ ሕክምና ክፍልና ያለፈ ሰው አብረው ከተጠቀሱ መልሱ ወደዚያ ያጋድላል።

ፍሮይድ የዚህን ነገር ክብደት የተማረው ዋጋ ከፍሎ ነው። ዶራ ብሎ የጠራት የ18 ዓመት ልጅ በ1900 ለሦስት ወር ያህል ስትመላለስ ቆይታ በታኅሣሥ 31 ሕክምናውን ድንገት አቋረጠችው። ታሪኳን በ1905 ሲያሳትም ትራንስፈረንሱን በጊዜ አለማወቁን ራሱ ጽፏል።

በአገራችን ግን አንድ የውሸት ምልክት አለ። ከውጭ በተቀዱ ጥያቄዎች ሕመምተኛው ሐኪሙን «አባቴ» ካለው ይህ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ፍንጭ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ግን አንዲት እናት ወጣቱን ሐኪም «የኔ ልጅ» ቢሉት፣ ወጣቷ ደግሞ ሽማግሌውን ሐኪም «አባባ» ብትላቸው ይህ ተራ የአክብሮት አጠራር ነው። በአማርኛ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ፍንጩን ከአጠራሩ ሳይሆን ከማይመጥን ስሜት ማስገኘት አለበት፤ ሐኪሙ ለአንድ ቀን ሲቀር ሴትዮዋ እንደ ተጣለ ልጅ ሆና ሳምንቱን ስታለቅስ መሰንበቷን ቢጽፍ ይሻላል።

ሌላው የተለመደ ጥያቄ «ከሚከተሉት ውስጥ የበሰለው መከላከያ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ደረጃውን በስፋት ያስተዋወቀው ጆርጅ ቫያንት የተባለው የሃርቫርድ ሳይካትሪስት ነው። በ1938 የተጀመረና የሃርቫርድ ተማሪዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ መከላከያዎችን በአራት ደረጃ አስቀመጣቸው። ከታች ሐቅን የሚያጣምሙት አሉ፤ ቀጥሎ እንደ ፕሮጀክሽንና አክቲንግ አውት ያሉት ያልበሰሉት፤ ከዚያ እንደ ሪፕሬሽን፣ ዲስፕሌስመንትና ሪአክሽን ፎርሜሽን ያሉት ኒውሮቲክ የሚባሉት፤ ከላይ ደግሞ ሰብሊሜሽን፣ ሰፕሬሽን፣ ቀልድ፣ አስቀድሞ መዘጋጀትና አልትሩዊዝም። የበሰሉትን ይበልጥ የተጠቀሙት ሰዎች በሥራም በትዳርም የተሻለ ሕይወት እንደነበራቸው ዘግቧል። ማስታወስ ያለብን ጥናቱ የተመረጡ አሜሪካውያን ወንዶችን ብቻ እንደተከታተለ ነው። ደረጃው ለፈተና ይጠቅማል፤ የአንዲትን ገበሬ ሴት ኑሮ ለመመዘን ግን ስፋቱ አይበቃም።

በሙያውም ውስጥ ቦታው እንደዋዠቀ ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ አባሪ ውስጥ መከላከያዎችን የሚመዝን መለኪያ አስገብቶ ነበር፤ በ2013 በወጣው እትም መለኪያው የለም። አንዱ ችግር ግልጽ ነው። ከንቃት ውጭ የሆነን ነገር ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ቃል ሊሰይሙት ይቸገራሉ። እውነተኛ ባለሙያ አንድን ሰው በብዙ ቀጠሮ ካየ በኋላም ግምቱን በጥርጣሬ ይይዛል። የፈተና ታሪክ ግን በአምስት መስመር ውስጥ እርግጠኛ መሆን ግድ ይለዋል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተመራቂ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ በሰው ግንባር ስም ይለጥፋል። ይህ ያሳስበኛል፤ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በስፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ተማሪው በምርጫ ጥያቄ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ጨምሯል።

ስለዚህ የጥያቄ አውጪው ኃላፊነት ትልቅ ነው። አንድ የተበላሸ ጥያቄ እንይና እንጠግነው። «ወንድሙ በኩላሊት ሕመም የሞተበት ሰው ለኩላሊት ሕመምተኞች የእርዳታ ማኅበር አቋቋመ። መከላከያው የትኛው ነው? ሀ. አልትሩዊዝም፣ ለ. ሰብሊሜሽን፣ ሐ. ሪአክሽን ፎርሜሽን፣ መ. አንዱዪንግ።» አውጪው «ሀ»ን ይፈልጋል። ነገር ግን ሐዘኑ ወደ ተከበረ ሥራ ስለፈሰሰ «ለ»ም ያስኬዳል። ወንድሙን በሕይወቱ ሳለ የበደለው ከነበረ ደግሞ «መ» ይሆናል፤ ታሪኩ ግን ስለዚህ ምንም አይልም። ጎበዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የሸመደደው ደግሞ ያልፋል።

ጥገናው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰውየው የሚያገኘው እርካታ ከየት እንደሆነ መጻፍ፦ «የሌሎችን ወንድሞች ሲያስታምም የገዛ ሐዘኑ እንደሚቀለው ለጓደኛው ነገረው።» ቀጥሎ ሌላውን በር መዝጋት፦ «ከወንድሙ ጋር በፍቅር ነበሩ፤ አስታምሞት ነው የሞተው።» ከአማራጮቹ ውስጥም ሰብሊሜሽንን አውጥቶ በቦታው ፕሮጀክሽንን ማስገባት። አሁን ሐዘኑን ያውቀዋል፣ በበደል ስሜት አልተነሣም፣ እፎይታ የሚያገኘው ለሌሎች በሚሰጠው ነገር ነው። «ሀ» ብቻውን ቆመ።